ስለ መለዋወጫ ስቶክዎ፦ ዛሬውኑ የሚሠራ አንድ የኤክሴል ቀመር

ሰላም አቶ ዳዊት፣

ከዚህ በፊት ስለ ስቶክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌራችን ጽፌልዎት ነበር። መልስ አልመጣም፣ ሥራ እንደሚበዛብዎት ይገባኛል። ዛሬ ያንኑ አልደግምም። ከእኛ ምንም ሳይገዙ የሚጠቀሙበት ነገር ልኬልዎታለሁ።

መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሚያበሳጨው ደንበኛ የዘይት ፊልትሮ ሲጠይቅ "አልቋል" ማለት ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየው እቃ አቧራ ይጠጣል። መቼ እንደሚያዝዙ በግምት ከመወሰን፣ በአንድ ቀን ቢበዛ የሚሸጠውን ብዛት አቅራቢው ቢዘገይ በሚፈጅበት ቀን ያባዙት። ለምሳሌ ፊልትሮው ገበያ በደራበት ቀን 20 ቢሸጥና እቃው በ8 ቀን ቢደርስ፣ 160 ሲቀር ማዘዝ አለብዎት ማለት ነው። B ላይ በአንድ ቀን ቢበዛ የሚሸጠውን፣ C ላይ አቅራቢው ቢዘገይ የሚፈጅበትን ቀን፣ D ላይ በእጅዎ ያለውን ይጻፉና ይቺን E2 ላይ ይለጥፏት፦

```
=IF(D2<=B2*C2,"እዘዝ","")
```

እውነቱን ለመናገር ቀመሩ ፈሪ ነው። ቶሎ ለሚሸጡት አሪፍ ነው፣ ለቀርፋፋዎቹ ከተጠቀሙበት ግን ገንዘብ ያስርብዎታል። ደግሞ ታዝዞ ገና ያልደረሰ እቃ ካለ D ላይ ይደምሩት፣ አለዚያ ሁለቴ ያዝዛሉ።

የእኛ ሶፍትዌር ይህንን ከሽያጭ መዝገቡ እያነበበ በራሱ ይሠራዋል። ማየት ከፈለጉ ቶሎ ቶሎ የሚያልቁብዎትን አሥር እቃዎች ብቻ ይላኩልኝ፣ በእነሱ ሠርቼ አሳይዎታለሁ። ካልፈለጉም "ይቅርብኝ" ይበሉኝ፣ ቅር አይለኝም።

ሔኖክ