«ውኃ ፍለጋ» ለተሰኘው አልበም ሽፋን የተዘጋጀ የምስል ፕሮምፕት

አዳማ ለተቀረጸው «ውኃ ፍለጋ» የሙዚቃ አልበም ሽፋን የሚሆን፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል 3000 ፒክስል የሆነ፣ በፊልም ካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ መስሎ የሚታይ ምስል ይሠራ። የእጅ ሥዕል ወይም የኮምፒውተር ጌም አይምሰል።

ቦታው ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው የአፋር በረሃ ነው፤ ጊዜው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። በረሃ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የሰሃራ የአሸዋ ክምር እዚህ አይግባ። መሬቱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተበተነበት፣ አልፎ አልፎ የደረቀ ግራር የቆመበት ሜዳ ይሁን።

በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይታያል። የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ በመጠኑ ወደ ግራ አቅጣጫ ይራመዳል፣ ፊቱም ፈጽሞ አይታይም። ቁመቱ ከምስሉ ቁመት ከስምንት አንድ እጅ አይብለጥ። ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ በቀኝ እጁ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል። ጀሪካኑ ባዶ መሆኑ በግልጽ መታወቅ አለበት፤ የሞላ ጀሪካን ትከሻን ወደ አንድ ወገን ስለሚጎትት፣ የዚህ ሰው ትከሻ ቀጥ ያለ፣ ጀሪካኑም በእርምጃው ወደ ኋላ የተወዛወዘ ይሁን። አፉ በክዳን ፋንታ በላስቲክ ተወትፏል፤ ከዚያ ርቀት ላይለይ ይችላል፣ ቢኖር ግን ደስ ይለኛል።

ብርሃኑ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከወጣች ግማሽ ጨረቃ፣ ከፍሬሙ ውጪ ከቀኝ በኩል ይምጣ፤ የሰውየው ጥላ የቁመቱን እጥፍ ያህል ወደ ግራ ይዘርጋ። ከዋክብት ጥቂት ይበቃሉ። ፍኖተ ሐሊብ አያስፈልግም፤ እርሱን ለማንሣት የሚፈጀው ረጅም ጊዜ የሚራመደውን ሰው ያደበዝዘው ነበርና ምስሉ ሐሰት ይሆናል። ከአድማሱ ቀኝ ጥግ የተበላሸው መኪና የኋላ መብራት እንደ ነጥብ ይታይ፤ በዙሪያውም፣ የኋላ ጥቁር ሽፋኑ በተነሣለት የሲኒማ ፊልም ላይ እንደሚሆነው፣ ቀይ ጭጋግ መሰል ወጋገን ይኑር።

የፊልሙ መልክ ዋናው ጉዳይ ነው። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ኮዳክ ቪዥን 3 500ቲ ሁለት ስቶፕ ተገፍቶ የታጠበ ይምሰል፤ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያድላ፣ ጥቁሩም ድፍን ሳይሆን ትንሽ የገረጣ ይሁን። የፊልሙ ቅንጣት በምስሉ ሁሉ ላይ እኩል የተነሰነሰ አሸዋ አይሁን፤ በሰማዩ ግራጫና በጥላው ውስጥ ይወፍር፣ ጨረቃ ባረፈችበት የጋቢው ጠርዝ ላይ ይሳሳ። የዲጂታል ካሜራ ባለቀለም ነጠብጣብ፣ ጭረት፣ የተቃጠለ ጠርዝና የቀን ማኅተም አይጨመር፤ እነዚህ ሁሉ አሮጌ ለማስመሰል የሚደረጉ ርካሽ ዘዴዎች ናቸው።

የምስሉ የላይኛው ሲሶ ባዶ ሰማይ ሆኖ ይቆይ። ርዕሱን እዚሁ አዳማ ያለው ዲዛይነራችን በእጁ ስለሚያስገባው፣ በምስሉ ላይ ምንም ዓይነት ጽሑፍ አይኑር፤ ባለፈው ሙከራ ከሩቅ ግእዝ የሚመስል፣ ሲቀርቡት ግን አንድም የሚነበብ ፊደል የሌለው መስመር ወጥቶብናል።