ማስታወቂያ፦ ስለ አዲሱ የፈረቃ ፕሮግራምና ስለ ለውጥ አጠያየቅ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመገናኛው ዳቦና ኬክ ቤታችን ሠራተኞች በሙሉ

ከሰኞ ኅዳር 15 ጀምሮ የምንሠራው በአዲስ ፈረቃ ነው። የእያንዳንዳችሁ ስም ያለበት ሰንጠረዥ ቅዳሜ ኅዳር 6 ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ይለጠፋል። ስማችሁን ፈልጉና ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። ፕሮግራሙ እስከ ጥር 30 ይቆያል።

የተቀየረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዳቦው ነው። እስካሁን ጋጋሪዎች ሌሊት 10 ሰዓት ገብተው፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ የመጀመሪያው ፉርኖ ከምድጃ ሲወጣ ጠዋት 1 ሰዓት ያልፋል። ደንበኛ ግን 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሟል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ቆሞ አይጠብቀንም፤ ማዶ ካለው ሱቅ ገዝቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ማታ ነው። ምሽት 5 ሰዓት ወጥቶ ታክሲ መፈለግ ምን እንደሆነ የምታመሹ ታውቁታላችሁ። አስተናጋጆች ደጋግማችሁ ነግራችሁናል፤ እውነታችሁን ነው። ስለዚህ ካፌው ከእንግዲህ የሚዘጋው ምሽት 2፡30 ነው።

ፈረቃዎቹ እንዲህ ናቸው፦

የጠዋት፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት
የከሰዓት፦ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት
የሌሊት (ዳቦ ክፍል ብቻ)፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት

ከ7 እስከ 8 ሰዓት ሁለቱ ፈረቃዎች የሚደራረቡት ሆን ተብሎ ነው። የምሳ ሰዓት ግርግሩ ያኔ ነው፣ የካሸሪ ርክክብም በጥድፊያ መሆን የለበትም። የግማሽ ሰዓት ምግብ ዕረፍታችሁ በ8 ሰዓቱ ውስጥ ይቆጠራል። ማታ 3፡15 ላይ ሰርቪስ መኪና ይነሳል፤ አንዱ በሲኤምሲ ወደ አያት፣ ሌላው በ4 ኪሎ ወደ ፒያሳ። ሾፌሮቹ ከ3፡20 በላይ እንዳይጠብቁ ተነግሯቸዋል።

ሌሊት ማንም በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ አይመደብም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ሌሊት አትገባም፤ ይሄ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገ ስለሆነ ማመልከቻም አያስፈልገውም። ለክፍል ኃላፊዋ ካሳወቀች ይበቃል። የሳምንት ዕረፍት ለሁሉም ሙሉ 24 ሰዓት ነው። እሁድ ማረፍ ደግሞ የጥቂት ሰው ዕድል ሆኖ መቆየት ስለሌለበት በዙር ይደርሳችኋል።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን መሆኑን አስተውላችሁ ይሆናል። የክሬም ኬክ ይቀንሳል፤ የጾም ኬክና አምባሻ ይፈለጋል። ስለዚህ ከኬክ ክፍል ሁለት ሰዎች እስከ ገና ዋዜማ ዳቦ ክፍልን ያግዛሉ። ደመወዛቸው አይነካም።

ፈረቃው የማይመቸው ሰው ምን ያድርግ?

የፈረቃ ለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ካሸሯ ጋ አለ። ሞልታችሁ ለውጡ ከሚፈለግበት ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ለፈረቃ ሱፐርቫይዘር ስጡ። መልሱን በማግስቱ ታገኛላችሁ። ካልተፈቀደ ምክንያቱ ቅጹ ላይ ይጻፋል፤ ባትስማሙበት ወደ እኔ ይዛችሁት ኑ።

ከሁሉ የሚቀለው መቀያየር ነው። የሚተካችሁን ሰው ራሳችሁ ካገኛችሁ ሁለታችሁም ፈርሙና አስገቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሺ እንላለን። ግን ጋጋሪ በጋጋሪ፣ ባሪስታ በባሪስታ ይሁን። ማሽኑን ነክቶ የማያውቅ ሰው ማኪያቶ ላይ አይመደብም። ከከሰዓት ፈረቃ ወጥቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚያስገባ ቅያሬም አይፈቀድም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምድጃ አጠገብ ባይቆም ይሻላል።

ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ነገ አልገባም» ብሎ መጻፍ ጥያቄ አይደለም። ሃምሳ መልእክት መሀል ይጠፋል፣ በኋላም «ጽፌ ነበር» «አላየሁም» ጭቅጭቅ ነው። ድንገት ከታመማችሁ ወይም ልጅ ከታመመባችሁ ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ለሱፐርቫይዘር ደውሉ። ቅጹን ስትመለሱ ትሞላላችሁ፤ ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት አምጡ። የቅርብ ቤተሰብ ሐዘን የፈረቃ ለውጥ ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ትወስዳላችሁ።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ የምትሄዱ፣ ገናን ወይም ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ማሳለፍ የምትፈልጉ እስከ ታኅሣሥ 5 አመልክቱ። ጠያቂ ከበዛ በዕጣ ይለያል፤ ባለፈው ዓመት በዓል የሠራ ሰው ግን ቅድሚያ አለው። በሕዝብ በዓል ለሚሠራ የሰዓት ክፍያው እጥፍ ነው። የጁምዓ ሰላት ያለባችሁ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች የምግብ ዕረፍታችሁን ዓርብ ከሰላቱ ጋር እንድታገናኙት ሰዓቱን ለሱፐርቫይዘር ንገሩ፤ በየሳምንቱ ቅጽ መሙላት አያስፈልጋችሁም።

ጥያቄ ያለው ዓርብ ኅዳር 5 ከቀኑ 8፡15 ላይ ፎቅ ላይ እንገናኝ። ሰንጠረዡ ከመለጠፉ በፊት ማስተካከል የሚቻለውን እዚያው እናስተካክላለን። የሌሊት ጋጋሪዎች ለዚህ ብላችሁ ከእንቅልፍ እንዳትነሱ፤ እኔ ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ዳቦ ክፍል እመጣለሁ።

ሥራ አስኪያጅ