የወባ መድኃኒት ጥናት፦ ለመሳተፍ ለሚያስቡ የቀረበ ግብዣና ማብራሪያ

ፎገራ ወረዳ፣ ቫይቫክስ የተባለው ወባ ለተገኘባቸው አዋቂዎች

ጤና ይስጥልን። ይህን ወረቀት የሰጠንዎ ዛሬ በተደረገልዎ የደም ምርመራ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ስለተገኘብዎ ነው። በምናካሂደው ጥናት እንዲሳተፉ እንጋብዝዎታለን። ግብዣ ነው፤ ግዴታ የለበትም። ማንበብ ካልተመቸዎ ነርሷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታነብልዎታለች። የሚያምኑት ሰው አብሮዎት ቢሰማ ደስ ይለናል።

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር ይወቁ። ቢሳተፉም ባይሳተፉም ሕክምናዎ ዛሬውኑ ይጀመራል። ትኩሳቱን የሚያጠፋው ክሎሮኪን ለ3 ቀን ይሰጥዎታል፤ 4 ፍሬ ዛሬ፣ 4 ነገ፣ 2 ከነገ ወዲያ። ጥናቱ የሚመለከተው ሁለተኛውን መድኃኒት ስለሆነ እስከ ነገ ጠዋት አስበው፣ ከቤተሰብ ተማክረው መወሰን ይችላሉ።

ጥናቱ ለምን አስፈለገ?

ቫይቫክስ ከብዙዎቹ የወባ ዓይነቶች የሚለይበት ባሕርይ አለው። ከደም ቢጠፋም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ንዳዱ ለቀቀኝ ብሎ ሥራውን በጀመረ ማግስት ተመልሶ ይጥለዋል፤ አንዳንዴም አዝመራው በሚሰበሰብበት ወቅት። ከጉበት የሚያጠፋው መድኃኒት ፕሪማኩዊን ይባላል። በአገራችን የተለመደው አወሳሰድ በየቀኑ ለ14 ቀን ነው። ችግሩ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ ብዙ ሰው መዋጡን ያቆማል፤ ጤነኛ ሆኖ የሚሰማው ሰው ለሁለት ሳምንት ክኒን መዋጥ ይሰለቸዋል፤ አንፈርድበትም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያንኑ ያህል መድኃኒት በ7 ቀን ቢጨርሱት እኩል ይሠራል ወይ? ሰውነትስ እኩል ይቀበለዋል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት የ7 ቀኑን አወሳሰድ ይቀበላል። እኛ ማየት የፈለግነው በዚህ አካባቢ፣ እዚህ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው።

ቢሳተፉ ምን ይደረግልዎታል?

በመጀመሪያ ከክንድዎ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ደም እንወስዳለን። የምናየው ሁለት ነገር ነው፤ የደምዎን መጠንና ጂ-ሲክስ-ፒ-ዲ የሚባል የቀይ የደም ሴል ጠባቂ ንጥረ ነገር በቂ መሆኑን። ይህ ንጥረ ነገር ከትውልድ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። ፕሪማኩዊን እነርሱን ሊጎዳቸው ስለሚችል በጥናቱ አናስገባቸውም። ውጤቱን ግን ለእርስዎ እንነግርዎታለን፤ ለወደፊቱም ለማንኛውም ሐኪም የሚያሳዩት ካርድ እንሰጥዎታለን። ለእነዚህ ሰዎች በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድ፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ሌላ አወሳሰድ አለ።

ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ የሚያጠቡና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ አይሳተፉም። ሴቶች የእርግዝና ምርመራ ይደረግላቸዋል። ውጤቱ ለእርስዎ ብቻ ይነገራል፤ ለባልም፣ ለእናትም፣ አብሮ ለመጣ ሰውም አንናገርም። መድኃኒቱን በሚወስዱባቸው ሳምንታት እርግዝና እንዳይፈጠር መከላከያ እንዲጠቀሙ እንጠይቅዎታለን።

ከዚያ ዕጣ ይወጣል። በኮምፒውተር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የታሸገ ፖስታ ይከፈታል፤ ከሁለቱ ቡድኖች በየትኛው እንደሚገቡ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙም እርስዎም መምረጥ አትችሉም። ክብደታቸው 60 ኪሎ የሆነ ሰው ለምሳሌ በአንደኛው ቡድን በቀን 1 ክኒን ለ14 ቀን ይወስዳሉ፤ በሁለተኛው በቀን 2 ክኒን ለ7 ቀን። በሁለቱም 14 ክኒን ነው፤ የሚለየው የሚያልቅበት ጊዜ ነው። በአጠቃላይ 240 ሰዎች እንጋብዛለን።

በመጀመሪያው ሳምንት ጤና ጣቢያው ድረስ የሚመጡባቸው ቀናት በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው እና በ7ኛው ቀን ናቸው፤ ከዚያ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን፣ ከዚያም እስከ 6 ወር በየወሩ አንድ ጊዜ። በየጉብኝቱ ከጣትዎ ጥቂት ጠብታ ደም ይወሰዳል። በሌሎቹ የመድኃኒት ቀናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤትዎ መጥታ ሲውጡ ታያለች። ይህ ጎረቤት የሚያየው ነገር ነውና ካልፈለጉት ይንገሩን፤ ሌላ ቦታ መገናኘት ይቻላል።

ጉዳቱና ችግሩ ምን ሊሆን ይችላል?

ይህን ክፍል በጥድፊያ እንዳያልፉት እንለምንዎታለን።

ክሎሮኪን አንዳንድ ሰው ላይ ማሳከክ፣ ማቅለሽለሽና ለጥቂት ጊዜ ብዥ ማለት ያስከትላል። ይህ በጥናቱ ምክንያት የሚመጣ አይደለም፤ ሕክምናው በራሱ ያለው ነው። ፕሪማኩዊን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሆድ ቁርጠትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ይብሳል፤ በ7 ቀኑ ቡድን በቀን የሚወሰደው መጠን እጥፍ ስለሆነ የሆድ ችግሩም ሊበዛ ይችላል። እንጀራ ወይም ዳቦ በልተው ይውሰዱ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ፣ ወይም የረመዳን ጾም ላይ የሆኑ፣ መድኃኒቱን ለመዋጥ ጾም መፍታት አያስፈልግዎትም፤ ሰዓቱን ከሚበሉበት ሰዓት ጋር እናስማማለን፤ ሠራተኛዋም በዚያው ሰዓት ትመጣለች።

ከሁሉ የከበደው ጉዳት የቀይ የደም ሴሎች መፍረስ ነው። ይህ እንዳይደርስ ነው አስቀድመን ጂ-ሲክስ-ፒ-ዲውን የምንመረምረው። ሆኖም ምርመራ ሁሉን ነገር አይከለክልም፤ ንጥረ ነገሩ በቂ በሆነላቸው ሰዎችም የደም መጠን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ቅነሳው ከባድ ሊሆን ይችላል። በ7 ቀኑ ቡድን መጠኑ በአጭር ጊዜ ስለሚወሰድ ይህን በልዩ ጥንቃቄ እንከታተላለን። ደምዎን በ3ኛውና በ7ኛው ቀን የምንለካው ለዚሁ ነው። ቅነሳው ከሚፈቀደው በላይ ከሆነ መድኃኒቱን አቁመን በሕክምና እንከታተልዎታለን፤ አስፈላጊ ከሆነም ደም እንዲሰጥዎ ወደ ሆስፒታል እንልክዎታለን።

ሽንትዎ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ የዓይንዎ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ወይም ብድግ ሲሉ ራስዎን ካዞረዎ ቀጣዩን ክኒን አይውሰዱ። ወዲያው ይደውሉ ወይም ይምጡ። ሌሊት ከሆነም አይጠብቁ። በሚሰጥዎ ካርድ ፊት ላይ 24 ሰዓት የሚያነሣ ስልክ ታትሟል። ለአምቡላንስም ሆነ ለባጃጅ የሚወጣውን ጥናቱ ይከፍላል።

ከክንድ ደም ሲወሰድ ያማል፤ መርፌ የገባበት ቦታ ሊጠቁር ይችላል። ሌላው ጉዳት ጊዜ ነው። ስድስት ወር እየተመላለሱ መታየት ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ የሩዝ አጨዳ ሲደርስ። ይህን አስበው ይወስኑ።

የሚያገኙት ጥቅም

ለእርስዎ በግል የተለየ ጥቅም ላይኖር ይችላል። ደም ምርመራውና ክትትሉ ከተለመደው ሕክምና ይበልጣል፤ ወባው ቢመለስ ወዲያው ተመርምረው በነፃ ይታከማሉ። ቢመለስ ደግሞ ከጉበት የተነሣው ይሁን አዲስ ትንኝ የነከሰችዎት በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ተመለሰ ማለት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ላይሆን ይችላል። አጎበርዎን መጠቀምዎን አይተዉ።

በመሳተፍዎ ደመወዝ አይከፈልም። ለእያንዳንዱ ጉብኝት ለመጓጓዣና ላጠፉት ጊዜ 200 ብር ይሰጥዎታል። በጥናቱ መድኃኒት ምክንያት ጉዳት ቢደርስብዎ የሕክምናውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ጥናቱ ይሸፍናል፤ እዚህ በመፈረምዎ በሕግ የመጠየቅ መብትዎን አያጡም።

እምቢ የማለትና የማቋረጥ መብትዎ

በአገራችን እምቢ ማለት ይከብዳል። ሐኪሙ አክብሮ ጠይቆኝ፣ ነርሷ የሰፈሬ ልጅ ሆና፣ እንዴት አልፈልግም እላለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው። በይሉኝታ እንዲሳተፉ አንፈልግም። በይሉኝታ የገባ ሰው ሲያመው አይናገርም፤ ያኔ አደጋው ከእርሱ አልፎ ለሌሎቹም ተሳታፊዎች ይተርፋል፤ ጉዳቱን ሳናውቅ ስለምንቀር።

ስለዚህ አልሳተፍም ማለት ይችላሉ፤ ምክንያት አንጠይቅም። ገብተውም በማናቸውም ቀን፣ በ2ኛው ቀንም ሆነ በ5ኛው ወር፣ ተውኩት ማለት ይችላሉ። ወረቀት መጻፍ አያስፈልግም፤ በቃል ይበቃል፤ መምጣት ካልቻሉ ደውለው ወይም ሰው ልከው ይንገሩን። በዚህ ጤና ጣቢያ የሚያገኙት ሕክምና አይቀንስም፤ ወረፋዎም አይዘገይም፤ የጤና መድኅን ካርድዎም አይነካም። እስከዚያ የተከፈለዎትን ገንዘብ መልስ የሚል የለም።

ስለ እርስዎ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የዕድር ዳኛ፣ የሃይማኖት አባት ወይም የትዳር ጓደኛ ሊመክርዎ ይችላል፤ ስለ እርስዎ መፈረም ግን አይችልም።

አንድ ነገር ለይተው ይያዙ፦ ጥናቱን ማቋረጥና መድኃኒቱን ማቋረጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ከጥናቱ ቢወጡም የቀረውን ፕሪማኩዊን መጨረስ ለጤናዎ ጥሩ ነው፤ ሐኪሙም በተለመደው መንገድ ያስጨርስዎታል። መድኃኒቱንም አልፈልግም ካሉ ግን ያም መብትዎ ነው።

ሲወጡ ከዚያ በኋላ አዲስ መረጃ አንሰበስብም። እስከዚያ የተሰበሰበው በጥናቱ ውስጥ ይቆያል፤ የመድኃኒቱን ጉዳት በትክክል ለማወቅ ያስፈልጋልና። የተቀመጠው የደም ናሙናዎ ግን እንዲወገድ ከጠየቁ እናስወግደዋለን። ስለ መድኃኒቱ ውሳኔዎን ሊቀይር የሚችል አዲስ ነገር ካወቅን ሳንዘገይ እንነግርዎታለን። ሐኪሙም ለጤንነትዎ ሲል ከጥናቱ ሊያስወጣዎ ይችላል፤ ምክንያቱን ይነግርዎታል።

ምስጢርዎ

በመዝገባችን ስምዎ ሳይሆን ቁጥር ይጻፋል። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ተቆልፎ ይቀመጣል። የደም ናሙናው ለዚህ ጥናት ብቻ ይውላል፤ ለሌላ ጥናት ከተፈለገ እንደገና ፈቃድዎን እንጠይቃለን። ጥናቱን የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴና የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መርምረው ፈቅደዋል፤ ሥራችንን ለመቆጣጠር መዝገቡን ሊያዩ ይችላሉ።

ለመወሰን

ከመፈረምዎ በፊት ነርሷ ጥቂት ጥያቄዎች ትጠይቅዎታለች፦ መቼ መውጣት ይችላሉ? ሽንትዎ ቢጠቁር ምን ያደርጋሉ? የሚፈተኑት እርስዎ አይደሉም፤ እኛ በደንብ ማስረዳታችንን የምናውቀው በዚህ ነው። መፈረም የማይችሉ በጣት አሻራ ይፈቅዳሉ፤ ያን ጊዜ ከጥናቱ ሠራተኞች ውጭ የሆነ፣ ማንበብ የሚችል ምስክር ከጎንዎ ይቀመጣል። የፈረሙበት ወረቀት አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ይሰጣል።

ጥያቄ ካለዎት ክፍል ቁጥር 4 ያለችውን የጥናቱን ነርስ ያነጋግሩ። በእኛ ላይ ቅሬታ ካለዎት በካርዱ ጀርባ ወደታተመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ይደውሉ፤ ኮሚቴው ከእኛ ነፃ ነው፤ ስምዎንም ለእኛ አይነግርም። ላለመሳተፍ ከወሰኑ ነገ ጠዋት ክፍል ቁጥር 2 ይሂዱና ክሎሮኪንዎን ይቀጥሉ፤ ፕሪማኩዊኑንም እዚያው እንደማንኛውም ታካሚ ይሰጡዎታል።