ክፍል 3፦ የሚጨበጥ ነገር አለው?

የጎልማሶች የስልክና ኢንተርኔት ስልጠና፣ የቅዳሜ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።

መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ በተገኘ ሰሞን እናቴ አንድ የቴሌግራም መልእክት ላከችልኝ። ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ድራሹን ያጠፋል ይላል። "ዶክተሮች አረጋግጠዋል" የሚልም አለበት። የትኛው ዶክተር? የት? የለም። እናቴ ገበያ ወጥታ በአንድ ብር የማትሸወድ ሴት ናት። ግን ያን ሰሞን ፈርታ ነበር፣ መልእክቱም የመጣው ከእህቷ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጊዜው ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው፣ ከኮሮና እንደሚከላከል ግን ማስረጃ የለም ብሎ ነበር።

ሞኝ ስለሆንን አይደለም የምንሸወደው። ስንፈራ፣ ስንናደድ ወይም ስንጓጓ እጃችን ከአእምሯችን ይቀድማል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ልማድ ብቻ እንያዝ። ከማጋራታችን በፊት መልእክቱ ውስጥ የሚጨበጥ ነገር እንፈልግ። ቀን፣ ቦታ፣ ስም ወይም አድራሻ ይሆናል። እሱን ይዘን እንጎትት።

ልምምድ 1

"አስቸኳይ!! ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ማደያዎች ሁሉ ይዘጋሉ። ዛሬውኑ ነዳጅ ቅዱ። ለሚወዱት ሁሉ ያጋሩ።"

ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር 3 ደቂቃ ተነጋገሩበት።

መልስ፦ "ነገ" የምትለዋን ያዙ። የቱ ነገ? መልእክቱ ስንት ቀን ዞሮ ነው እናንተ ጋ የደረሰው? ፎርዋርድ በተደረገ ቁጥር "ነገ" አብራ ትገፋለች። ዘጊው ማን እንደሆነም አልተጻፈም።

ልምምድ 2

ፎቶ ነው። ጎርፍ መንገዱን ሞልቶታል፣ ሚኒባሶች እስከ መስኮታቸው ውሃ ውስጥ ናቸው። ከላዩ "ዛሬ ከሰዓት ቦሌ! እግዚአብሔር ይሁነን" ተብሎ ተጽፏል። ፎቶውን በሁለት ጣት አስፉት። መኪኖቹ የሚሄዱት የመንገዱን ግራ ይዘው ነው።

መልስ፦ እኛ አገር ቀኝ ይዘን ነው የምንነዳ። ኬንያና ኡጋንዳ ግን ግራ ይይዛሉ። ጎርፉ እውነተኛ ጎርፍ ነው፣ ቦሌ ግን አይደለም። አንድ ጎበዝ ተማሪ ባለፈው "ፎቶው ተገልብጦስ ቢሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነው፤ ስለዚህ የሱቅ ማስታወቂያዎቹን አንብቡ። ፊደሉ ከተገለበጠ ፎቶውም ተገልብጧል። ከዚያ ጎግል ሌንስ የሚባለው የፎቶ መፈለጊያ ላይ ጫኑትና የት የት እንደወጣ እዩ። ሌንስ ምንም ካላገኘ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም።

ልምምድ 3

"ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ መንግሥት ወሰነ።" ከሥሩ የታወቀ ጣቢያ ዜና ቪዲዮ አለ።

መልስ፦ ይሄ ብዙ ሰው ይጥላል፣ ምክንያቱም ዜናው እውነት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት የተነገረ ነው። ውሸቱ ያለው ዛሬ እንደተነገረ ሆኖ መዞሩ ላይ ነው። ቪዲዮው መጀመሪያ የተጫነበትን ቀን ፈልጉ። ስታነቡም ተጠንቀቁ፤ "2012" ሲባል በማን አቆጣጠር ነው? በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ። በዚህ ብቻ ስንቱ አሮጌ ነገር አዲስ ሆኖ ሲዞር አይቻለሁ።

ልምምድ 4

"እንኳን ደስ አለዎት! ዲቪ ደርሶዎታል። ቦታዎ እንዳያልፍዎ በ24 ሰዓት ውስጥ 150 ዶላር ይላኩ።" ኢሜይሉ የመጣው `dv-winner@usa-visa-office.com` ከሚል አድራሻ ነው። ባንዲራም አለው፣ ማኅተምም አለው።

መልስ፦ ባንዲራና ማኅተም ማንም ይለጥፋል። አድራሻውን ያዙ። የአሜሪካ መንግሥት ገጾች በ`.gov` ያልቃሉ፣ ይሄኛው ግን በ`.com` ነው። ደግሞም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት "ዲቪ ደርሶዎታል" ብሎ ኢሜይል አይልክም። ሰውየው ራሱ `dvprogram.state.gov` ላይ ገብቶ፣ ሲመዘገብ በተሰጠው ቁጥር ያያል። የ24 ሰዓቱ ጥድፊያ ደግሞ ልጃችሁን እንኳ እንዳትጠይቁ ነው።

የቤት ሥራ

ከራሳችሁ ስልክ አንድ የተጠራጠራችሁትን መልእክት ይዛችሁ ኑ። ለላከላችሁ ሰው የምትሰጡትን መልስም ጻፉ። ከማጣራቱ ይልቅ ይሄኛው ይከብዳል። ትልቅ ሰውን ቤተሰብ በሞላበት ግሩፕ ላይ "ውሸት ነው" ማለት ነውር ነው፣ አይሰራምም። በውስጥ መስመር ላኩ። እኔ ለጎረቤቴ የጻፍኩት ይህ ነበር፦

"እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ያ ስለ ትምህርት ቤት የላኩት የኮሮና ጊዜ ዜና ነው። ያኔ እውነት ነበር፣ አሁን አልተዘጋም። ልጆቹ ሰኞ ይሄዳሉ። ግሩፑ ላይ እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፣ እርስዎን ይሰማሉ።"

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግሩፑ ላይ ጻፉት።