ስንብትና የንብረት ክፍል ርክክብ

ለመላው ሠራተኛ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል መሰለኝ። የጥበቃው ጋሼ ተሾመ እንኳ ትናንት በር ላይ አስቁመው «እውነት ነው እንዴ?» ብለውኛል። እውነት ነው፤ ልለቅ ነው። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ሰኞ ሰኔ 30 ነው። ቆጠራው አልቆ በጀት ዓመቱ እስኪዘጋ ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ከወንድሜ ጋር ሽንኩርት ላለማ ነው። «ብርዱ ነው ያባረራት» የሚል ካለ አልከራከርም። ደብረ ብርሃን ሰባት ዓመት ሠርቼ፣ ጋቢ ሳልደርብ ቢሮ የገባሁበት ጠዋት ትዝ አይለኝም።

የምትረከበኝ ወይንሸት ናት። ቆጠራውን አብረን ስለሠራን ለመጋዘኑ እንግዳ አይደለችም። ርክክቡን ነገ ዓርብ ሒሳብ ክፍል ባለበት እንፈራረማለን። ከማክሰኞ ጀምሮ ዕቃ የምትጠይቁት እሷን ነው። አደራ፣ ሞዴል 20 ሳትሞሉ «አንቺ ስጪኝ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» እንዳትሏት። እኔ እሺ እያልኩ በቆጠራ ሰሞን ስንት ሌሊት እንዳላስተኛኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ጥራዞች ብረት ቁም ሳጥኑ ውስጥ በቁጥር ተደርድረዋል። ያልተዘጋ አንድ ጉዳይ ብቻ አለ። በግንቦት የመጣው ዩሪያ ሲራገፍ 14 ከረጢት ተቀዶ ነበር። ቃለ ጉባኤው ተይዟል፤ የአጓጓዡ መልስ ግን አልመጣም። ፋይሉን ለወይንሸት ሰጥቻታለሁ፣ ግዥ ክፍሎች አትርሱት።

የሁለተኛው መጋዘን ቁልፍ ደግሞ አመለኛ ነው። በሩን በትከሻ ወደ ላይ ገፋ ካላደረጋችሁት አይዞርም። በኅዳር ውርጭ ጊዜ ጭራሽ እንቢ ይላል፤ ያኔ ቁልፉን ትንሽ በእጅ ማሞቅ ነው። ሁለት ቁልፍ ሰብሬ የተማርኩት ስለሆነ በነፃ ወስዳችሁታል።

አባቴ ያረፈ ጊዜ በአንድ መኪና ተጭናችሁ መሐል ሜዳ ድረስ መጥታችሁ፣ ሦስት ቀን አብራችሁኝ የተቀመጣችሁትን አልረሳም። ዝናብ ነበር፣ መንገዱም ጭቃ። እንዴት እንደማመሰግናችሁ ዛሬም አላውቅበትም። በሥራ ግርግር የተቆጣኋችሁም አላችሁ፣ በተለይ ሾፌሮች። ይቅር በሉኝ።

ዕቁቡን በልታ ጠፋች እንዳትሉኝ፤ የቀሩኝን ሦስት ዙሮች በየወሩ በባንክ ለሰብሳቢዋ አስገባለሁ። ስልኬ አይቀየርም። ወደ ደሴ መንገድ የምትወጡ ሁሉ ሸዋ ሮቢት ላይ ሳትደውሉልኝ እንዳታልፉ።

ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት መጋዘኑ በረንዳ ላይ ቡና አፈላለሁ። ቆሎው የደብረ ሲና ነው፤ ስኒ ስለማይበቃን ከየቢሮአችሁ ይዛችሁ ኑ።

አክባሪያችሁ
አስቴር
ከንብረት ክፍል
ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.