የአክስቴ የጨጓራ መድኃኒት፦ ሰዓቱና የፍሬው ብዛት

ሰላም እህቴ። የሐኪሙ ማዘዣ ስክሪንሾት ደርሶኛል። ዋናውን ቶሎ ልንገርሽ፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለው መድኃኒት ጎዶሎ ነው። ዛሬ ማታ ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ነገር መስተካከል አለበት። ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ጽፌልሻለሁ።

ከሐኪሙ ጽሑፍ ያነበብኩት ይህን ነው፦

```
Amoxicillin 500mg cap, 1g PO BID x 14d      #56
Clarithromycin 500mg tab, 500mg PO BID x 14d  #28
Omeprazole 20mg cap, 20mg PO BID x 14d      #
```

PO በአፍ የሚወሰድ ማለት ነው። BID በቀን ሁለት ጊዜ፣ x 14d ለ14 ቀን። ከ# ቀጥሎ ያለው ከመድኃኒት ቤት የምትረከቢው ፍሬ ብዛት ነው። የኦሜፕራዞሉን ብዛት ፎቶው ጥግ ላይ ያለው የቴሌግራም ሰዓት ሸፍኖታል። ግን በቀን 2፣ ለ14 ቀን፣ 28 ፍሬ ነው። ወረቀቱ እጅሽ ላይ ስላለ አንዴ አመሳክሪው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሦስቱም 28፣ 28 ናቸው ብለሻል። ኦሜፕራዞሉና ክላሪትሮማይሲኑ ልክ ናቸው። አሞክሳሲሊኑ ግን 56 መሆን ነበረበት። ካፕሱሉ 500 ሚሊግራም ነው፤ የታዘዘው ደግሞ በአንድ ጊዜ 1 ግራም። 1 ግራም 1000 ሚሊግራም ስለሆነ በአንዴ የሚወሰደው ሁለት ካፕሱል ነው። የሐኪሙ ጽሑፍ ትንሽ ቢጠማዘዝም ቁጥሩ ይመሰክራል፤ 56 ለ14 ቀን ሲካፈል በቀን 4፣ ማለት ጠዋት 2 ማታ 2። መድኃኒት ቤቱ ፖስታው ላይ «1×2» ብሎ የጻፈው «1g»ን አንድ ፍሬ ብሎ አንብቦት ይመስለኛል። በሥራ ብዛት የሚሆን ነገር ነው፤ እኛም ፋርማሲ ወረፋ ሲበዛ ሁለቴ ካልቆጠርን እንሳሳታለን። ግን እንደ ፖስታው ቢወስዱ 14 ቀን ሙሉ ግማሽ መጠን ነው የሚደርሳቸው። ጨጓራቸው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ሳይገድል መድኃኒቱን ሊያለማምደው፣ ቃጠሎውም ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ወረቀቱንና ፖስታውን ይዘሽ ተመለሺና የጎደለውን 28 ተቀበዪ። ስትሪፑ ባለ 10 ከሆነ በጠቅላላው 5 ሙሉ ስትሪፕና 6 ፍሬ ይሆናል። አትጨቃጨቂ፤ «56 ነው የታዘዘው፣ 28 ነው የሰጣችሁኝ» በያቸው፣ ወረቀቱን ሲያዩ ይገባቸዋል። ካለቀባቸው እዚህ ደሴ ስላለ ነገ ጠዋት በሚኒባስ እልክልሻለሁ። እጃቸው ላይ ያለው 28 ለ7 ቀን ስለሚበቃ በዚህ ምክንያት አይዘግዩ።

ሁለተኛው ነገር የግፊት መድኃኒታቸው ነው። አክስቴ አምሎዲፒን እንደሚወስዱ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ምናልባት ሐኪሙ አልጠየቃቸውም፣ ምናልባት እሳቸው «ደህና ነኝ» ብለው አለፉት። ታውቂያቸው የለ! ክላሪትሮማይሲን አምሎዲፒንን ደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ግፊታቸው ከልክ በላይ ሊወርድ፣ ሲነሱ ሊያዞራቸው፣ እግራቸው ሊያብጥ ይችላል። እኔ ከዚህ ሆኜ አልወስንም። አሁኑኑ ለጻፈላቸው ሐኪም ደውዪና የግፊቱን መድኃኒት ስምና ሚሊግራም ንገሪው። ምን እንደሚደረግ እሱ ይበል፤ እስከዚያ የግፊቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ክላሪትሮማይሲኑንም አትጀምሩ። ፔኒሲሊን ወስደው ሰውነታቸው አሳክኮ ወይም አብጦ ያውቅ እንደሆነም ጠይቂያቸው። አዎ ካሉ አሞክሳሲሊኑን አይውሰዱ።

ሐኪሙ «ይጀምሩ» ካለ፣ ይህን ገልብጠሽ ቡፌው ላይ ለጥፊው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጠዋት 1:30 — ኦሜፕራዞል 1። በውሃ፣ በባዶ ሆድ።
ጠዋት 2:00 — ቁርስ። ከቁርስ በኋላ አሞክሳሲሊን 2፣ ክላሪትሮማይሲን 1።
ማታ 1:30 — ከኢሻ በኋላ ኦሜፕራዞል 1።
ማታ 2:00 — እራት። ከእራት በኋላ አሞክሳሲሊን 2፣ ክላሪትሮማይሲን 1።

ጠዋት 4፣ ማታ 4፣ በቀን 8 ፍሬ። በ14 ቀን 112። ከዚህ ውስጥ 56ቱ አሞክሳሲሊን፣ 28ቱ ክላሪትሮማይሲን፣ 28ቱ ኦሜፕራዞል ናቸው። የግፊቱ ክኒን በዚህ ቁጥር የለም፤ በራሱ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ፣ እንዳይቀላቀልባቸው።

ኦሜፕራዞሉ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት የሆነው ሆድ አሲዱን ማመንጨት ከመጀመሩ በፊት ቀድሞ እንዲደርስ ነው። ከእራት በኋላ ቢወስዱት ብዙ አይሠራላቸውም። ችግሩ የጠዋቱ ቡና ነው። አክስቴ ከሱብሂ በኋላ አቦሉን ሳይጠጡ ሰው አያናግሩም። ለሁለት ሳምንት ቡናው ከቁርስ በኋላ ይፈላ። በዚህ ላይ የምትጣዪው አንቺ ነሽ፣ እኔ ደሴ ነኝ።

የቀኑ አቆጣጠር እንዲህ ነው። ዛሬ ሰኞ ጥቅምት 10 ማታ ከጀመሩ የመጨረሻው ሰኞ ጥቅምት 24 ጠዋት ነው። ማታ ስለሚጀምሩ የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ነው፤ ለዚህ ነው 15ኛው ቀን ጠዋት ላይ የሚያልቀው። ጥቅምት 23 ማታ «14 ቀን ሞላ» ብለው 4 ፍሬ እንዳያስተርፉ። ሐኪሙ ዛሬ ካልተገኘና ነገ ማክሰኞ ጠዋት «ይጀምሩ» ካለ፣ ከዚያው ጠዋት ይጀምሩና የመጨረሻው ጥቅምት 24 ማታ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ከተጀመረ፣ ሰኞ ጥቅምት 17 የጠዋቱን ከወሰዱ በኋላ ቁጠሪ። ልክ ግማሹ፣ 56 ፍሬ መቅረት አለበት፦ አሞክሳሲሊን 28፣ ሌሎቹ 14፣ 14። ከበለጠ የተረሳ አለ፤ ካነሰ በአንዴ ደርበው ወስደዋል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ደውዪልኝ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሰኞና ሐሙስ እንደሚጾሙ አውቃለሁ። ሱና ስለሆነ ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት ቢተዉት ይሻላል፤ ሲድኑ ይመለሱበታል ኢንሻአላህ። አንድ ጊዜ ከረሱ ባስታወሱበት ሰዓት ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት፤ ደርቦ መውሰድ የለም።

አፋቸውን ብረት ብረት ሊላቸው ይችላል፣ የክላሪትሮማይሲን ጠባይ ነው። ሆዳቸውም ትንሽ ሊላላ ይችላል። በዚህ እንዳያቋርጡት። ሽፍታ ከወጣባቸው፣ ፊታቸው ወይም ከንፈራቸው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ተቅማጡ ከበረታ ወይም ደም ካለው ግን ያቁሙና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰጂያቸው። የኮምቦልቻ ቀን ስለሚሞቅ መድኃኒቱን መስኮት ላይ ወይም ምድጃው አጠገብ አታስቀምጪ።

ከመድኃኒት ቤት ስትመለሺ አሞክሳሲሊኑን ቁጠሪና ቁጥሩን ላኪልኝ። 56 ነው የምጠብቀው።