ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስን ሳንሸመድድ እናጥና

ፍሬሾች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ስለ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ቀመር መሸምደዱን ተዉት። ጥያቄው ትንሽ ከተቀየረ የሸመደደ ሰው ግራ ይገባዋል።

የሲስተሙን ውጤት ከግቤቱ የምናሰላበትን ኮንቮሉሽንን እንውሰድ። ኢንተግራሉን ለጊዜው እርሱት። አንድ ሲስተም አሃድ ኢምፐልስ፣ ማለትም አንዴ ብቻ 1 ሆኖ ከዚያ ዜሮ የሚሆን ግቤት፣ ሲገባበት መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 1 መለሰ እንበል። አሁን 1፣ ቀጥሎ 2 አስገቡ። የመጀመሪያው ግቤት 3 እና 1 ያወጣል። ሁለተኛው እጥፉን፣ 6 እና 2 ያወጣል፤ ግን አንድ እርምጃ ዘግይቶ። ደርባችሁ ስትደምሩ 3፣ 7፣ 2 ይመጣል። በቃ፣ ኮንቮሉሽን ማለት ይኸው ነው!

እጥፍ ማድረግና መደመር የቻልነው ሲስተሙ ሊኒየር ስለሆነ ነው። ምላሹን እንዳለ ያዘገየነው ደግሞ የሲስተሙ ጠባይ በጊዜ ስለማይቀየር። እነዚህ ሁለቱ ከገቧችሁ ኢንተግራሉን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሲግናልን ወደ ሳይኖች የሚበትነው የፉሪየር ዘዴም ከዚሁ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሲስተም ቋሚ ሳይን ሲገባበት ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚያወጣው፤ የሚቀየረው ከፍታውና ፌዙ ብቻ ነው። የምንበትነው ለዚህ ነው።

ሠንጠረዥ ከመክፈታችሁ በፊት ግራፉን በእጃችሁ ሳሉት። ዛሬ ማታ የኢምፐልሱን ምላሽ 1፣ 1፣ 1 አድርጋችሁ ሞክሩት። ነገ ውጤቱን አብረን እናያለን።